እርሻ ለምን ተጀመረ? የዕለት ኑሮንስ አሻሻለ? የአቡ ሁረይራ እህልና አጥንት ምስክርነት

መግቢያ

የሰው ልጅ ወደ እርሻ የገባበት ምክንያት ለረጅም ጊዜ እንደ ጥያቄ እንኳ አልተቆጠረም። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት በሰፈነው አስተሳሰብ አዳኝና ለቃሚው ሰው ዘወትር የሚራብ፣ ከቦታ ቦታ የሚንከራተት፣ መሬት ላይ የወደቀ ዘር እንደሚበቅል ያልተገነዘበ ፍጡር ነበር። ይህን ምስጢር የደረሰበት ዕለት ወደ እርሻ መግባቱ የማይቀር ነበር፤ ከገባም በኋላ ኑሮው ተሻሻለ። ይህ ትረካ ሁለት ነገሮችን ያለ ማስረጃ ይቀበላል። አንደኛው ከእርሻ በፊት የጎደለው እውቀት ነበር የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ እርሻ ከመነሻው ለገበሬው የተሻለ የዕለት ኑሮ ሰጥቷል የሚለው ነው።

ሁለቱንም ለመፈተን ከሚያስችሉ ጥቂት ሥፍራዎች አንዱ በሰሜን ሶርያ፣ በኤፍራጥስ ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ የነበረው አቡ ሁረይራ ነው። በዚህ ጉብታ ውስጥ የአዳኝና ለቃሚዎች መንደርና ከዚያ በኋላ የመጣ የገበሬዎች መንደር ተደራርበው ተገኝተዋል። የእህሉ ቅሪት ለመጀመሪያው ጥያቄ፣ የሰዎቹ አጥንት ደግሞ ለሁለተኛው ጥያቄ ማስረጃ ይሰጣሉ። ይህ ጽሑፍ ማስረጃዎቹን በቅደም ተከተል ይመለከታል፤ የእያንዳንዳቸውንም ወሰን ያመለክታል።

እውቀት አልጎደለም

ሰዎች የዱር እህልን ከማረሳቸው እጅግ ቀድመው ያውቁት ነበር። በገሊላ ባሕር ዳርቻ በሚገኘው ኦሃሎ ሁለት በተባለው ሥፍራ ከዛሬ 23,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች የዱር ገብስና ስንዴ ሰብስበው በድንጋይ ይፈጩ ነበር። ይህ ማለት በእህል መጠቀም ከተጀመረ በኋላ እርሻ እስኪመጣ ድረስ ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ አልፏል ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ ዘመን መዘግየት የእውቀት ማነስ በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

የዱር እህል ምን ያህል ይመግብ እንደነበር አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጃክ ሃርላን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተግባር ሞክሮታል። ሃርላን በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ተራሮች ላይ የሚበቅለውን አይንኮርን የተባለ የዱር ስንዴ በእጁና የባልጩት ስለት በተገጠመለት ማጭድ አጨደ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ንጹህ ፍሬ የሚወጣው ምርት መሰብሰብ ቻለ። በስሌቱ መሠረት አንድ ቤተሰብ እህሉ በሚደርስበት ሦስት ሳምንት ያህል ቢሠራ ዓመቱን በልቶ ከሚጨርሰው በላይ ያገኝ ነበር። ሃርላን ይህን ካየ በኋላ ያነሳው ጥያቄ ቀላል ነው፤ በተራራው ላይ ሳይታረስና ሳይዘራ ይህን ያህል እህል ካለ፣ ማን ብሎ ያርሳል?

ይህ ስሌት ግን አንድ ነገር ይተዋል። የዱር ስንዴ ፍሬ ከገለባው በቀላሉ አይላቀቅም። በሙቀጫ መሸክሸክ፣ መንፋት፣ መልቀምና መፍጨት ይፈልጋል። በአንድ ሰዓት የተሰበሰበ ምርት ለመብል እስኪደርስ ድረስ የሚጠይቀው ድካም በስሌቱ ውስጥ አልገባም። ሌላም ውጤት አለው። ለዓመት የሚበቃ እህል ተሸክሞ መዞር አይቻልም፤ እህሉ ባለበት መቀመጥ የግድ ይሆናል። በዚህ ምክንያት በአቡ ሁረይራ ሰዎች በአንድ ቦታ የሰፈሩት ከእርሻ በኋላ ሳይሆን ከእርሻ በፊት ነው።

ሁለት መንደሮች በአንድ ጉብታ

አቡ ሁረይራ የተቆፈረው እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 በአንድሩ ሙር በተመራ ቡድን ነው። በጣብቃ የሚሠራው ግድብ ውኃ አካባቢውን ሊያጥለቀልቅ ስለነበር ቁፋሮው በጥድፊያ የተካሄደ የማዳን ሥራ ነበር፤ ዛሬ ጉብታው በአሳድ ሐይቅ ሥር ይገኛል። ቡድኑ ከ11 ሄክታር የሚበልጠውን ጉብታ በሙሉ መቆፈር ስላልቻለ በተመረጡ ሰባት ቦታዎች ብቻ ሠራ። ሆኖም በዘመኑ ያልተለመደ አንድ ዘዴ በሰፊው ተጠቀመ፤ የተቆፈረውን አፈር በውኃ በማንሳፈፍ ከሰል የሆኑ ጥቃቅን ፍሬዎችን ለይቶ ሰበሰበ። በዓይን የማይለዩ የዘር ቅሪቶች በብዛት የተገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ከታች ያለው የመጀመሪያው መንደር ከዛሬ 13,000 ዓመት ገደማ በፊት ተመሠረተ። መሬት ውስጥ ገባ ብለው የተሠሩ ክብ ጎጆዎች ነበሩት፤ የነዋሪው ቁጥር ከጥቂት መቶ እንደማይበልጥ ይገመታል። ሥጋቸውን በዋናነት ያገኙት በየዓመቱ በጸደይ ወራት በአካባቢው በመንጋ የሚያልፉ የሜዳ ፍየሎችን በጅምላ በማደን ነበር። የዕፅዋት ምግባቸው እጅግ የተለያየ ነበር። የዕፅዋቱን ቅሪት ያጠናው ጎርደን ሂልማን ለመብል የሚሆኑ ከ150 በላይ የዕፅዋት ዓይነቶችን ለይቷል፤ ከእነዚህም መካከል የዱር ራይ፣ የዱር ስንዴ፣ ምስር መሰል ጥራጥሬዎች፣ የዛፍ ፍሬዎችና የወንዝ ዳር ሣሮች ይገኛሉ።

ከላይ ያለው ሁለተኛው መንደር ከ10,000 ዓመት በፊት ጀምሮ የቆየ ሲሆን፣ በጭቃ ጡብ የተሠሩ አራት ማዕዘን ቤቶች የተጠጋጉበት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የኖሩበት የገበሬ መንደር ነው። ስንዴ፣ ገብስ፣ ራይ፣ ምስርና ሽምብራ ይዘራ ነበር። ሆኖም የሜዳ ፍየል አደን ለብዙ መቶ ዓመታት ቀጥሏል፤ በጎችና ፍየሎች የሥጋ ዋና ምንጭ የሆኑት ዘግይተው ነው። በሁለቱ መንደሮች መካከል ያለው ዘመን ማስረጃው ሳሳ ያለ ስለሆነ ሽግግሩን ደረጃ በደረጃ መከተል አስቸጋሪ ነው።

የእህሉ ምስክርነት

የመጀመሪያው መንደር ከተመሠረተ ብዙም ሳይቆይ የአየር ንብረቱ ተለወጠ። ከዛሬ 12,900 እስከ 11,700 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ያንገር ድራያስ የተባለው የቅዝቃዜና የድርቀት ዘመን በሰሜኑ የምድር ክፍል ሰፈነ። ሂልማን በአቡ ሁረይራ ያየው ለውጥ በቅደም ተከተል የመጣ ነበር። በመጀመሪያ እርጥበት የሚሹት የዛፍ ፍሬዎችና ትልልቅ ፍሬ ያላቸው ጥራጥሬዎች ከቅሪቱ ውስጥ ቀነሱ። ቀጥሎ የዱር ስንዴና የዱር ራይ ተመናመኑ። በአንጻሩ በታረሰ መሬት ላይ የሚበቅሉ አረሞች ዘር በዛ፤ ከእነርሱም ጋር ከዱሩ የገዘፉ ጥቂት የራይ ፍሬዎች ተገኙ። የሂልማን መደምደሚያ የሚከተለው ነበር። ነዋሪዎቹ የለመዱት የዱር እህል ከአካባቢው ሲሸሽ፣ መንደራቸውን ትተው ከመከተል ይልቅ እህሉን አምጥተው እርጥበት በሚገኝባቸው ቦታዎች ዘሩት።

ይህ ትርጓሜ ጠንካራ ትችት ገጥሞታል። የራይ ፍሬዎቹ ቁጥር ጥቂት ነው፤ የፍሬ መግዘፍ ብቻውንም ለመላመድ በቂ ምልክት አይደለም። ሱ ኮሌጅና ጄምስ ኮኖሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ማስረጃውን እንደገና መርምረው፣ አረም የተባሉት ጥቃቅን ዘሮች ሰዎቹ በችግር ጊዜ ለምግብነት የሰበሰቧቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ አመለከቱ። ክርክሩ የሚያርፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ የከሰለ የሣር ዘር ሲገኝ ከታረሰ ማሳ የመጣ አረም ነው ወይስ ለመብል የተለቀመ? ዘሩ ራሱ አይመልስም። መልሱ የሚገኘው አብረውት ከተገኙት ሌሎች ዘሮች፣ ከተገኘበት ምድጃ ወይም ጉድጓድና ከብዛቱ ነው።

ከሁለቱ ትርጓሜዎች የትኛውም ቢመረጥ ግን አንድ ነገር ይጋራሉ። በሁለቱም ሰዎቹ የተሻለ ምግብ አግኝተው ሳይሆን የተሻለውን አጥተው፣ ብዙ ድካም ወደሚጠይቁ ጥቃቅን ዘሮች ወረዱ። ወይ ዘሩ፣ ወይ ሣር ለቀሙ። ድርቀት ብቻውን ግን ማብራሪያ አይሆንም፤ ከዚያ ቀደም ብዙ የድርቀት ዘመናት አልፈው እርሻ አልተጀመረም። በዚህ ጊዜ የተለየው ድርቀቱ በአንድ ቦታ የሰፈረ፣ ቤትና የተከማቸ እህል ያለው ማኅበረሰብ ላይ መድረሱ ነው። ለተንቀሳቃሽ ሕዝብ የድርቀት መልሱ መሄድ ነው። ለሰፈረ ሕዝብ መሄድ ያለውን ሁሉ መተው ነው።

ሂደቱ በአንድ ትውልድ የተወሰነ ውሳኔ አለመሆኑን የሚያሳይ ሌላ ማስረጃም አለ። የዱር ስንዴ ዛላ ሲደርስ ይሰባበርና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ተክሉ ዘሩን የሚበትነው በዚህ መንገድ ነው። አልፎ አልፎ ግን በተፈጥሮ ለውጥ ምክንያት የማይረግፍ ዛላ ይገኛል። ሰው ደርሶ የቆመውን እህል በማጭድ አጭዶ ከዚያው ላይ ለዘር ሲያስቀር፣ የማይረግፉት በነዶው ውስጥ ይበዛሉ፤ በየዓመቱም ድርሻቸው ያድጋል። ሂልማንና ስቱዋርት ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ስሌት፣ አመቺ ሁኔታ ካለ ይህ ለውጥ ከ20 እስከ 200 ዓመት ባለው ጊዜ ሊፈጸም ይችላል። በየሥፍራው የተገኘው የከሰለ ዛላ ግን የማይረግፈው ዓይነት የበላይ እስኪሆን ከሺህ ዓመት በላይ መውሰዱን ያሳያል። ገበሬዎቹ እህሉ ገና እሸት ሳለ ማጨዳቸው፣ የወደቀውን መልቀማቸው ወይም በየጊዜው ከዱር አዲስ ዘር ማምጣታቸው ሂደቱን አዘግይቶት ይሆናል። ከትርጉሙ አንጻር ዋናው ነጥብ አንድ ነው፤ አርባ ወይም ሃምሳ ትውልድ ያህል ሰዎች እያደኑ፣ እየለቀሙ፣ ጥቂት ጥቂትም እየዘሩ ኖረዋል። ከመካከላቸው «ወደ እርሻ እየገባን ነው» ብሎ የወሰነ ሰው አልነበረም።

የአጥንቱ ምስክርነት

የሁለተኛውን መንደር ነዋሪዎች አጥንት ያጠናችው ቴያ ሞለሰን ስትሆን፣ የ162 ያህል ሰዎችን ቅሪት መርምራ ውጤቷን እ.ኤ.አ. በ1994 አቅርባለች። ነዋሪዎቹ በአጠቃላይ ሲታዩ ጤናማ ነበሩ። ሆኖም በብዙዎቹ ላይ አንድ ዓይነት የጉዳት ስብስብ ተደጋግሞ ታየ። የእግር አውራ ጣት መገጣጠሚያ ተበልቷል፣ አንዳንዴም ብግነት ይታይበታል። በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ ትርፍ አጥንት በቅሏል። የታችኛው የጀርባ አከርካሪ ተጎድቷል። በክንድ አጥንት ላይ ጡንቻ የሚያያዝበት ቦታ ጎልቷል።

እነዚህ ምልክቶች በተናጠል ብዙ ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል። አብረው ሲገኙ ግን ከአንድ አቀማመጥ ጋር ይገጥማሉ። በወለል ላይ በተቀመጠ ወፍጮ ፊት የተንበረከከ ሰው የእግሩን ጣቶች ወደ ፊት አጥፎ መሬቱን ይረግጣል፣ መጁን በሁለት እጁ ገፍቶ በወገቡ ወደ ፊት ይወረወራል፣ ከዚያም በጣቶቹ ተደግፎ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን በቀን ለበርካታ ሰዓት፣ በየዕለቱ፣ ከልጅነት ጀምሮ የሚሠራ ሰው የሚጎዳው ጣቱ፣ ጉልበቱና ወገቡ ነው። ወፍጮዎቹ በቤቶቹ ውስጥ መገኘታቸውም ትርጓሜውን ይደግፋል።

ምልክቱን የሚፈጥረው አቀማመጡ እንጂ መፍጨቱ ብቻ አለመሆኑን ከኢትዮጵያ ጋር በማነጻጸር መረዳት ይቻላል። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ወፍጮው ብዙ ጊዜ ከፍ ባለ መደብ ላይ ስለሚቀመጥ ፈጪዋ ቆማ ወይም ጎንበስ ብላ ትፈጫለች። ድካሙ አንድ ቢሆንም የእግር ጣት ጉዳት አይጠበቅም። ስለዚህ በሌላ ሥፍራ በተገኘ አጽም ላይ የጣት ጉዳት አለመኖሩ ብቻውን የመፍጨት ሸክም አልነበረም ለማለት አያበቃም።

ሞለሰን የጣት አጥንቶቹን በመጠን ስትለያቸው ጉዳቱ በብዛት የታየው በሴቶች ላይ ሆነ። ከዚህ በመነሳት በአቡ ሁረይራ የመፍጨት ሥራ በዋናነት የሴቶችና የልጃገረዶች ነበር የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰች። መደምደሚያው ሁለት ወሰኖች አሉት። በብዙ መቃብሮች አጥንቶቹ ስለተደባለቁ ጾታን በመጠን መለየት ሁልጊዜ እርግጠኛ አይደለም። ከመጀመሪያው መንደር ደግሞ ለንጽጽር የሚበቃ አጥንት አልተገኘም፤ ወፍጮ ግን በዚያም ነበር። ስለዚህ ማስረጃው የሚለው «ሸክሙን እርሻ ፈጠረው» ሳይሆን፣ «እህል ዋና ምግብ በሆነ መጠን ሸክሙ በሰውነት ላይ ይህን ያህል ጠባሳ ይተዋል» ነው።

ጥርሶቹም የራሳቸውን ታሪክ ይናገራሉ። በቀደሙት ገበሬዎች ጥርስ ላይ ከባድ መበላትና መሰንጠቅ ይታያል፤ ከዱቄቱ ጋር የቀረው የድንጋይ ብናኝና በደንብ ያልተፈጨው ፍሬ ያስከተለው ነው። ከጊዜ በኋላ ሰንጣቃ ጥርስ ቀነሰ፤ ሞለሰን ይህን እህሉ በወንፊት መነፋት ከመጀመሩ ጋር አያይዛዋለች። የሸክላ ዕቃ ሲመጣ ደግሞ እህሉ እየተቀቀለ ለስላሳ ገንፎ ሆነ፤ የጥርስ መበላት ረገበ፣ የጥርስ መቦርቦር ግን ጨመረ። አንዱ ችግር በሌላ ተተካ።

ቁመት፣ ጤናና የሥራ ሰዓት

የአቡ ሁረይራ ሁኔታ በሌሎች ማስረጃዎች ላይ ሲመዘን አጠቃላይ አቅጣጫው ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት በአውሮፓ የተገኙ የ167 ጥንታዊ ሰዎችን ቁመት ከዘረ መላቸው ጋር አነጻጽሯል። የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች በዘር ውርሳቸው ከሚጠበቀው ቁመት በአማካይ 3.8 ሴንቲ ሜትር ያህል አጠር ብለው ተገኙ። የዘር ልዩነት በስሌቱ ስለተቀነሰ የሚቀረው ማብራሪያ በልጅነት የደረሰ የምግብ እጥረት ወይም ሕመም ነው።

የሥራ ሰዓትን አጥንት አይናገርም፤ ለዚህ የዘመናችንን ማኅበረሰቦች መመልከት ያስፈልጋል። በፊሊፒንስ የሚኖሩ የአግታ ሕዝቦች አንዳንዶቹ በማደንና በመልቀም፣ ሌሎቹ በሩዝ እርሻ ይተዳደራሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በዋናነት በእርሻ የተሰማሩት በሳምንት 30 ሰዓት ያህል፣ በማደንና በመልቀም የሚኖሩት ደግሞ 20 ሰዓት ያህል እንደሚሠሩ አሳይቷል፤ ልዩነቱም በይበልጥ የተጫነው በሴቶቹ ላይ ነው። የዛሬዎቹ አግታዎች የኒዮሊቲክ ሰዎች አይደሉም። ሆኖም ንጽጽሩ በአንድ ሕዝብና በአንድ አካባቢ ውስጥ የተደረገ መሆኑ ጥንካሬ ይሰጠዋል።

በዚህ መስክ ሁሉ ላይ የተሰነዘረ አንድ መሠረታዊ ማስጠንቀቂያ አለ። ጄምስ ውድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 እንዳመለከቱት፣ በአጥንት ላይ የበሽታ ምልክት የሚታየው ታማሚው አጥንቱ እስኪለወጥ ድረስ በሕይወት ከቆየ ነው። ወዲያው የሞተ ሰው አጥንቱ ንጹህ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በገበሬ መቃብር ምልክቱ መብዛቱ ሰዎቹ ይበልጥ ታመሙ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሕመሙን ይበልጥ ተቋቋሙት ማለትም ሊሆን ይችላል። ይህ ትችት የበሽታ ጠባሳን በጽኑ ይመታል። የሥራ ጉዳትን ግን ያን ያህል አይነካም፤ የተበላ የእግር ጣት መገጣጠሚያ በዋናነት ለዓመታት የተደጋገመ እንቅስቃሴ መዝገብ ነውና። የአቡ ሁረይራ ማስረጃ ልዩ ዋጋ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ለምን አልተመለሱም?

እርሻ ድካም ከጨመረና ጤናን ካልጠቀመ ሰዎች ወደ ቀድሞው ኑሮ ለምን አልተመለሱም? መልሱ ያለው በመንደሩ ስፋት ላይ ነው። ጥቂት መቶ ሰዎችን ይመግብ የነበረው አካባቢ በእርሻ ሺዎችን መገበ። በሄክታር የሚገኘው ምግብ ጨመረ፤ በእያንዳንዱ ሰውና በእያንዳንዱ የሥራ ሰዓት የሚገኘው ግን የግድ አልጨመረም። አንድ ጊዜ ሕዝቡ ከበዛ በኋላ የሜዳ ፍየልና የዱር ፍሬ ለሁሉም አይበቃም፤ የመመለሻው በር ይዘጋል።

የሕዝቡ መብዛት ራሱ ከመስፈርና ከእህል ምግብ ጋር የተሳሰረ ነው። ዘወትር የምትጓዝ እናት ሁለት ሕፃናት በአንድ ጊዜ መሸከም ስለሚከብዳት በወሊዶቿ መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል። በሰፈረ መንደር ይህ ገደብ ይላላል። ለስላሳ ገንፎ ሲገኝ ደግሞ ሕፃኑ ቶሎ ጡት ይጥላል፣ እናቲቱም ቶሎ ታረግዛለች። ስለ አግታዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት የዚህን ሁለት ገጽታ አሳይቷል፤ በቋሚነት የሰፈሩት እናቶች ብዙ ልጆች ይወልዳሉ፣ በሽታውና የሕፃናት ሞት ግን በእነርሱ ዘንድ ይበዛል። ሆኖም ለአቅመ አዳም የሚደርሱት ልጆች ቁጥር በድምሩ ስለሚበልጥ የሰፈረው ሕዝብ ያድጋል። ስለዚህ አንድ የኑሮ ዘዴ ለመስፋፋት የግድ የሚኖሩበትን ሰዎች ማስደሰት አያስፈልገውም፤ ከሌላው ይልቅ ብዙ ሰው ማፍራቱ ይበቃል።

ማጠቃለያ

አቡ ሁረይራ ለሁለቱ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ የተያያዘ ነው። እርሻ የተጀመረው ሰዎች የዘርን ምስጢር ስላወቁ ወይም የተሻለ ኑሮ ስላዩ አልነበረም። ቀድሞ የሰፈረና መንቀሳቀስ የከበደው ማኅበረሰብ ምርጫው ሲጠብበት በወሰዳቸው ጥቃቅን እርምጃዎች ክምችት ነው። የዕለት ኑሮን በተመለከተ ደግሞ «ተሻሻለ» ወይም «ተባባሰ» ከማለት በፊት መለኪያው መለየት አለበት። በመሬት ስፋት ሲለካ እርሻ የሚመገበውን ሰው አበዛ። በቁመትና በሥራ ሰዓት ሲለካ ለመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች ኪሳራ ነበር። ኪሳራውም እኩል አልተከፋፈለም፤ ከጎተራው ወደ ማዕድ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በወፍጮው ፊት፣ በይበልጥ የተሸከሙት ሴቶች ነበሩ። ከኒዮሊቲክ ዘመን ጥቅምና ጉዳት ጋር የተያያዘ ማንኛውም ጥናት የምርቱን መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ምርቱን ምግብ ለማድረግ የወጣውን ጉልበትና የማን ጉልበት እንደነበረ ጭምር መቁጠር ይኖርበታል።